መቅደላ አምባ ላይ ለእንግዶች የማደርገው የመክፈቻ ንግግር፤ እስቲ አስተያየታችሁን ስጡኝ

የአምባው ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ተንታ አካባቢ ተወልጄ ያደግሁ አስጎብኚ ነኝ። መቅደላን ለማየት የሚመጡ እንግዶችን ይዤ እወጣለሁ፤ አንዳንዶቹ ከአዲስ አበባና ከደሴ፣ አንዳንዶቹም ከውጭ አገር ናቸው። ላይ እንደደረስን ሴባስቶፖል መድፍ አጠገብ አስቀምጬ የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር አደርጋለሁ። ንግግሩ ይህ ነው፦

«እንኳን ደህና መጣችሁ። ያላችሁበት ቦታ መቅደላ ነው፤ ዛሬ አምባ ማርያም ይባላል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር ይበልጣል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1848 ዓ.ም. መስከረም ላይ አምባውን ያዙ፤ ምሽግም፣ ግምጃ ቤትም፣ እስር ቤትም አደረጉት። በ1855 ዓ.ም. ለእንግሊዟ ንግሥት ለቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ ሲያጣ ተቆጥተው ቆንሲሉን ካሜሮንንና ሌሎች አውሮፓውያንን አሰሩ። እንግሊዝም በጄኔራል ናፒየር የሚመራ 13,000 ገደማ ወታደር ከሕንድ አምጥታ ዙላ ላይ አወረደች። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በስቅለት ዕለት፣ አሮጌ በሚባለው ሜዳ ላይ ውጊያ ሆነ፤ ፊታውራሪ ገብርዬም ወደቁ። ሚያዝያ 6፣ የፋሲካ ማግሥት ሰኞ፣ ጠላት በኮከት በር ሲገባ ንጉሠ ነገሥቱ እጄን አልሰጥም ብለው ሽጉጣቸውን ጠጡ። እንግሊዞችም ንብረቱን ዘርፈው አምባውን አቃጠሉት። አሁን ተከተሉኝ።»

ሰው በደንብ ያዳምጣል፤ በዚህ ቅሬታ የለኝም። ግን ንግግሩ ሲያልቅ ሁሉም የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «የሞቱበት ቦታ የት ነው?» እሱን ካዩ በኋላ የቀረውን አምባ እየተጣደፉ ያልፉታል። በቅርቡ ደግሞ አንዲት ተማሪ «ከቴዎድሮስ በፊት እዚህ ማን ነበር? ከሳቸውስ በኋላ?» ብላ ጠየቀችኝ። የምመልሰው ነበረኝ፤ በንግግሬ ውስጥ ግን አንዲት ቃል እንኳ አልገባችም። ይህ አምባ የብዙ ዘመን ታሪክ ተደራርቦበታል። ይህን ሁሉ ሰው ሳይሰለች እንዴት ልንገረው?

---

መይሳው

ወንድሜ፣ ንግግርህ ጥሩ ነው፤ አትነካካው። መቅደላ ማለት ቴዎድሮስ ነው። ፈረንጅም ሆነ አበሻ ያንን ዳገት የሚወጣው ለሳቸው ብሎ ነው። የማጎድልብህ ሴባስቶፖልን ነው። እዚሁ አምባው ላይ በአገር ሰው እጅ ተሠርቶ በስቅለቱ ዕለት በእንግሊዝ ላይ እሳት የተፋ መድፍ መሆኑን ጮክ ብለህ ንገራቸው። ሌላው ዝርዝር ያደክማል።

---

መምህርት ዘደሴ

የአምባው ልጅ፣ ጥያቄህ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ ግን ለመይሳው አንድ ነገር ልበል። ሴባስቶፖል መቅደላ ላይ አልተሠራም። የተሠራው ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ነው፤ የሠሩትም ንጉሡ እዚያ ያሰፈሯቸው አውሮፓውያን ሚሲዮናውያንና የእጅ ባለሙያዎች ከአገር ሰው ጋር ሆነው ነው። ይህን መናገር የንጉሡን ክብር አይቀንስም፤ እንዲያውም ትልቁ ገድል የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቴዎድሮስ ያን 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝን ብረት ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ አስጎትተው አምጥተዋል። ከ1860 ዓ.ም. ጥቅምት እስከ መጋቢት ድረስ ሠራዊቱ ዓለት እየፈለጠ መንገድ አወጣ፤ የጂዳን ገደል፣ የበሽሎን ገደል ወርዶ ወጣ። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እንደተሸከሙ ይነገራል። ናፒየር ከባሕር ተነሥቶ ወደ አምባው ሲገሠግሥ እሳቸውም ከሌላ አቅጣጫ መንገድ እየሠሩ ወደዚያው ይሄዱ ነበር፤ ቀድመው የደረሱትም እሳቸው ናቸው።

እሳት ተፋ ስለተባለውም እንጠንቀቅ። በአሮጌ ሜዳው ውጊያ መድፎቹ ፋላ ተራራ ላይ ተጠምደው ወደ ታች ይተኩሱ ነበር። ከከፍታ ወደ ቁልቁል መተኮስ ልምምድ ይጠይቃል፤ ጥይቱ አብዛኛውን ጊዜ ከጠላት በላይ አለፈ እንጂ ጉዳት አላደረሰም። ተዋጊው ከተራራው ወርዶ ዝናብ እየወረደበት ሜዳው ላይ ሲገጥም፣ እንግሊዞቹ ከኋላ የሚጎረሥ ፈጣን ጠመንጃ ይዘው ጠበቁት። ከእኛ ወገን 700 ገደማ ሰው ሞተ፤ ከእንግሊዝ ወገን የቆሰለው 20 ሲሆን ከዚያ ውስጥ የሞቱት 2 ብቻ ናቸው።

አሁን ወደ ንግግርህ። ችግሩ ቴዎድሮስ ላይ ማተኮርህ አይደለም። ከ1848 ተነሥተህ በ1860 ታቆማለህ፤ ሰሚው አምባው ያን ጊዜ ተወልዶ ያን ጊዜ የሞተ ይመስለዋል።

---

ተጓዥ ቤተሰብ

ይቅርታ፣ በውይይቱ መሃል ገባሁ። እኔም አባቴን ይዤ መሄድ አስቤ ነበር። አባቴ 70 ዓመታቸው ነው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ንግግሩ እዚያው ተንታ ላይ መኪና አጠገብ ቢደረግ አይሻልም? ሽማግሌ ዳገቱን ሳይወጣ ታሪኩን ሰምቶ ሊመለስ ይችላል።

---

የፋሲል በር

ተጓዥ ቤተሰብ፣ ለአባትዎ ረጅም ዕድሜ ይስጥልን። እኔ ጎንደር ፋሲል ግቢ የማስጎበኝ ሰው ነኝ፤ በእኛ ቦታ መኪናው በር ድረስ ይደርሳል፤ መቅደላ ግን በእግር የሚወጣ ነው። ለአባትዎ በቅሎ ይፈልጉ፤ የአምባው ልጅ ሊረዳዎት ይችላል።

ለአምባው ልጅ ከሙያው በኩል የማየውን ልንገርህ። ሰው ዳገት ወጥቶ እንደደረሰ ልቡ እየመታ ነው፤ ያን ጊዜ የነገርከው ዓመተ ምሕረት ሁሉ ነፋስ ይወስደዋል። መጀመሪያ ውሃ ይጠጣ፣ ይቀመጥ፣ ዙሪያውን ይመልከት። ከዚያ ስትጀምር በዓይኑ ከሚያየው ነገር ጀምር። «ያ ከፊታችሁ ያለው ፋላ ነው፤ ያኛው ሥላሴ ይባላል፤ ይህ ደግሞ ዋናው መቅደላ ነው፤ በሥላሴና በመቅደላ መካከል ያለው ሜዳ እስላምጌ ነው» ብትል፣ ምሽጉ አንድ ተራራ ሳይሆን የተያያዙ ከፍታዎች መሆኑ ይገባቸዋል። ይህ ካልገባቸው ናፒየር ለምን አሮጌ ላይ ተዋጋ፣ ፋላና ሥላሴ ሲያዙ መቅደላ ለምን ብቻዋን ቀረች የሚለው አይገባቸውም።

ሁለተኛ፣ የመክፈቻ ንግግር ሁሉንም ታሪክ መሸከም የለበትም። እኔ በር ላይ የምናገረው ከአምስት ደቂቃ አያልፍም። የቀረውን በየቦታው እከፍለዋለሁ። በመክፈቻው ላይ ሰውዬው ቀጥሎ ምን ምን እንደሚጠብቀው ማወቅ አለበት። ያን ካወቀ ወደ ሞቱበት ቦታ አይሮጥም።

---

የወረሂመኖ

እኔ የምናገረው ከሌላ በኩል ነው። ቤተሰቦቼ የወሎ ሰዎች ናቸው፤ አያቶቼ መቅደላን የሚያውቋት ከቴዎድሮስ በፊት በነበሩ የወረሂመኖ ባላባቶች ስም ነው። በንግግርህ ውስጥ «ዐፄ ቴዎድሮስ አምባውን ያዙ» ብለህ አልፈሃል። ከማን ነው የያዙት? ባለቤት ነበረው እኮ። የወሎ ሙስሊም መሳፍንት አምባ ነበር።

ከዚያም በኋላ የወሎ ሰው ከአምባው አልጠፋም። በእስረኝነት ነበረ። የወይዘሮ ወርቂትን ታሪክ ለምን አትነግራቸውም? ልጃቸው ኢማም አመዴ መቅደላ ላይ መያዣ ሆኖ ታስሮ ነበር። ያኔ ልጅ እያለ ከሸዋ ተማርኮ የመጣው ምኒልክም እዚያው ነበር። በ1857 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ምኒልክ ሌሊት ከአምባው አምልጦ ወርቂት ግዛት ገባ። ወይዘሮ ወርቂት ምኒልክን ለቴዎድሮስ አሳልፈው ቢሰጡ ልጃቸውን ሊያድኑ ይችሉ ነበር። አልሰጡትም፤ ወደ ሸዋ እንዲያልፍ ፈቀዱለት። ቴዎድሮስም ኢማም አመዴንና አብረውት የነበሩትን የወሎ መኳንንት አስገድለው ወደ ገደል አስወረወሩ። የኋላው ዐፄ ምኒልክ የዳኑት በዚያች እናት ልብ ስብራት ነው። ይህን የሚነግር አስጎብኚ አላገኘሁም።

---

መይሳው

የወረሂመኖ፣ የእናትየዋ ታሪክ ልብ ይነካል፤ አልክድም። ግን እንግዳ ሲቀበሉ በግድያ ይጀመራል? ቴዎድሮስ አገር አንድ ለማድረግ የታገሉ ሰው ናቸው። በዘመኑ ያላስገደለ ንጉሥ አልነበረም። የመጣው እንግዳ ፈረንጅ ከሆነ ደግሞ «አያችሁ፣ እንግሊዝ የመጣችው ሊያድናቸው ነው» ብሎ ይተረጉመዋል። የአምባው ልጅ፣ አንተ እኮ የአገርህ አምባሳደር ነህ።

---

መምህርት ዘደሴ

መይሳው ስጋትህ ይገባኛል። ግን እውነቱን ከእንግዳው ብንደብቀው እሱ ራሱ አንብቦት ይመጣል። ታስረው የነበሩት አውሮፓውያን ብዙ ጽፈዋል፤ ጸሎተ ሐሙስ ዕለት፣ ሚያዝያ 2 ቀን፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ አበሾች እስረኞች ተገድለው ወደ ገደል መጣላቸውን የሚያውቅ እንግዳ ሊያጋጥምህ ይችላል። አስጎብኚው ካልጠቀሰው ታሪኩ ሙሉ በሙሉ የፈረንጆቹ ይሆናል። የሞቱት ደግሞ የእኛው ሰዎች ናቸው። ንጉሡ ብዙ እስረኞች የፈቱትም በዚያው ሰሞን ነው፤ ሁለቱም አብሮ ይነገር።

እኔ የምለው፣ በመክፈቻው ላይ «ይህ አምባ እስር ቤትም ነበር፤ የታሰሩትን ስም ኋላ ገደሉ አጠገብ ስንደርስ እነግራችኋለሁ» በል። እዚያ ስትደርስ የአመዴንም፣ የጸሎተ ሐሙሱንም ንገር። አቡነ ሰላማም እኮ የአገሪቱ ጳጳስ ሆነው ሳለ እዚሁ ታስረው በ1860 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ እዚሁ አርፈዋል። የእስር ቤቱን ታሪክ ስትናገር ካሜሮንን ብቻ ከጠራህ ብዙኃኑን እስረኛ ረሳህ ማለት ነው።

አንድ ሌላ የታሪክ ድርብ አለ፤ እሱ እንኳ ከአምባው ድንጋይ ላይ አይነበብም። የጎንደር ነው። ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ሲያስዘርፉ የአብያተ ክርስቲያናቱ ንዋየ ቅድሳትና መጻሕፍት ተወሰዱ። ንጉሡ መቅደላ ላይ ለመድኃኔ ዓለም ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ሊያቆሙ አስበው ነበርና ከዚያ የተሰበሰበው መጽሐፍ ወደ አምባው መጣ። ስለዚህ መቅደላ ስትቃጠል የተዘረፈው የቴዎድሮስ ንብረት ብቻ አልነበረም፤ መቶ ዓመትና ከዚያ በላይ የጎንደር ዘመን ሥራ ነበረበት።

ይህን ለእንግዳ በአንድ ዕቃ ማሳየት ይቻላል። ለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ አንድ የወርቅ ዘውድ አለ። ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብና ልጃቸው ዐፄ ኢያሱ ሲሆኑ፣ ጎንደር አጠገብ ላለችው ለቁስቋም ማርያም የተሰጠ ነው፤ ዘመኑም እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ወደ 1740 ገደማ ይሆናል። ከቁስቋም ወጥቶ መቅደላ ገባ፤ ከመቅደላ ወጥቶ ለንደን ገባ። ይህን አንድ ዘውድ ተከትለህ ብትናገር ጎንደርም፣ ቴዎድሮስም፣ ናፒየርም አብረው ይመጣሉ። የዓመተ ምሕረት ዝርዝር አያስፈልግህም።

---

ከለንደን

መምህርት፣ ዘውዱን አይቼዋለሁ። ልጆቼን ይዤ ሄጄ ነበር። ትንሹ ልጄ «እናቴ፣ ይሄ የኛ ከሆነ ለምን ቤታችን አይደለም?» አለኝ። መልስ አጣሁለትና አቅፌው ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ስለ መቅደላ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ።

የአምባው ልጅ፣ ከዚያ የተወሰደው የት እንደደረሰ በንግግርህ ብትጨምርልን ደስ ይለኛል። ዝርፊያው ተራ ዝርፊያ አልነበረም። ከብሪቲሽ ሙዚየም ሪቻርድ ሆምስ የሚባል ሰው ከጦሩ ጋር መጥቶ ነበር። የተዘረፈው በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ ሁለት ቀን በጨረታ ተሸጠ፤ ገንዘቡም ለወታደሩ ተከፋፈለ። ዛሬ 350 ገደማ የብራና መጽሐፍ ከዚያ የመጣ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛል። 11 ታቦት ደግሞ በብሪቲሽ ሙዚየም ተዘግቶባቸው ተቀምጧል፤ ማንም አያያቸውም፤ ወደ አገራቸውም አይመለሱም። ይህን ስሰማ ለምን እንደማልተኛ አላውቅም።

የተመለሰም አለ፤ እሱንም ንገራቸው። ዐፄ ዮሐንስ ክብረ ነገሥትን ጠይቀው አንዱ ቅጂ ተመልሶላቸዋል። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1925 አንድ የብር ዘውድ ለንግሥት ዘውዲቱ ተመለሰ። በ2019 የንጉሡ የጸጉር ቁራጭ ከለንደን ተሰጥቶናል። ልዑል ዓለማየሁ ግን እስካሁን ዊንዘር ነው። በሰባት ዓመቱ ከአምባው ወርዶ፣ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ መንገድ ላይ ሞተውበት፣ በ18 ዓመቱ እንግሊዝ ውስጥ አረፈ። አጽሙ ይመለስ ተብሎ በ2023 ቢጠየቅም ቤተ መንግሥቱ አልፈቀደም።

---

የፋሲል በር

ከለንደን፣ እህቴ፣ የጻፍሽውን አንብቤ ዝም አልኩ። የጎንደር ሰው ነኝ፤ የቁስቋም ነገር ለእኔም ቅርብ ነው።

ግን ለአምባው ልጅ ልጨነቅለት። አሁን የወረሂመኖ አለ፣ እስር ቤት አለ፣ ጎንደር አለ፣ ለንደን አለ። ይህ ሁሉ በመክፈቻው ላይ ከተጫነ እንግዳው ይጠፋበታል። ከ1860 በኋላ የሆነውም ገና አልተነገረም።

---

የወረሂመኖ

ከ1860 በኋላ ያለው እንዲያውም አጭር ነው፤ ግን አይዘለል። እንግሊዞቹ አቃጥለው ሄዱ እንጂ አምባው የትም አልሄደም። አምባው ውሎ አድሮ በወሎ መሳፍንት እጅ ተመለሰ። ከሰገሌ ጦርነት በኋላ ልጅ ኢያሱ፣ የወሎው የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ በ1909 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ተከታዮቻቸውን ይዘው እዚሁ መቅደላ ወጡ። የመንግሥት ጦር ከበባቸው። ከበባው ልል ነበረና ሐምሌ ላይ ሾልከው ወጡ። አያቴ የሰሙትን ይነግሩን ነበር፤ ገደሉን የሚያውቅ ሰው ሌሊት ካልመራህ በዚያ አትወርድም ይሉ ነበር።

አስተውሉ፤ ምኒልክም ከዚሁ አመለጡ፣ የልጅ ልጃቸውም ከዚሁ አመለጠ። ከላይ የማይደረስበት የመሰለ አምባ ከውስጥ ሲታይ ሁልጊዜ መውጫ አለው። ይህን የአካባቢው ሰው ነው የሚያውቀው።

---

የአምባው ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መምህርት፣ እርስዎን በተለይ። ሌሊት ተቀምጬ እንደገና ጻፍኩት። አንብቤ ሳየው ከአምስት ደቂቃ ብዙም አያልፍም። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ውሃ አስጠጥቼ፣ አስቀምጬ ነው የምጀምረው።

«እንኳን ደህና መጣችሁ። አይዟችሁ፣ ዳገቱ አልቋል። ወደዚያ ተመልከቱ፤ ያ ፋላ ነው፣ ይህ ሥላሴ ነው። ከኋላዬ ያለው መቅደላ ነው። በሥላሴና በመቅደላ መካከል ያለው እስላምጌ ነው። ምሽጉ ይህ ሁሉ አንድ ላይ ነው፤ ፋላና ሥላሴ ሲያዙ መቅደላ ብቻዋን ትቀራለች።

»ይህ አምባ ባለቤቱ ብዙ ጊዜ ተቀያይሯል። መጀመሪያ የወሎ መሳፍንት ነበሩበት። በ1848 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ከነሱ ወሰዱት፤ ግምጃ ቤት አደረጉት፤ እስር ቤትም አደረጉት። የታሰሩት ግን አውሮፓውያን ብቻ አልነበሩም። ገደሉ አጠገብ ስንደርስ የአንዲት የወሎ እናትና የልጇን ታሪክ እነግራችኋለሁ፤ ከዚህ አምባ ሌሊት ስላመለጠ አንድ የሸዋ ወጣትም እነግራችኋለሁ። በኋላ ንጉሠ ነገሥት ሆኗል።

»ይህን መድፍ ንኩት። ስሙ ሴባስቶፖል ነው። የተሠራው ጋፋት ላይ ነው፤ ከዚያ እስከዚህ ስድስት ወር ገደማ ተጎትቶ ነው የመጣው። እንግሊዞች ሌሎቹን መድፎች አጥፍተው ሄዱ፤ ይህ ግን ሙሉ አካሉ እንዳለ እዚሁ ቀረ። ሊወስዱት አልቻሉም፤ ክብደቱን እጃችሁ ይነግራችኋል።

»ከዚህ ቀጥሎ የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን የነበረበትን ቦታ ታያላችሁ። ብዙ የሚታይ ነገር እንደሌለ አስቀድሜ ልንገራችሁ። የነበረው ሁለት ቦታ ሄዷል፤ ገሚሱ በሚያዝያ 10 እሳት ተቃጥሏል፤ ገሚሱ በዝሆንና በበቅሎ ተጭኖ ወጥቷል። እዚያ ቆመን የአንድ ዘውድን መንገድ ከጎንደር እስከ ለንደን እንከተላለን።

»በመጨረሻም በኮከት በር እንቆማለን። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የሞቱት ጠላት በዚያ በር ከገባ በኋላ ነው። ወደዚያ አትጣደፉ፤ ሌላውን ሰምታችሁ ስትደርሱ ቦታውን በሌላ ዓይን ታዩታላችሁ።»

ልጅ ኢያሱን በመክፈቻው አላስገባሁም፤ ስንወርድ ለመንገር ነው ያሰብኩት። መይሳው፣ ጸሎተ ሐሙሱን በመክፈቻው አልጠራሁትም፤ ግን ገደሉ ላይ እናገረዋለሁ። አንተ ባትስማማም ዝም ማለት ይከብደኛል።

---

መይሳው

አልስማማም፤ ግን ንግግሩ የተሻለ ሆኗል። መድፉን ንኩት የሚለው ደስ ብሎኛል። ገደሉ ላይ የምትነግረውን ግን ሰው ፊት ስትናገር በምን ሁኔታ ላይ ሆነው እንዳደረጉት ጨምር፤ ሠራዊታቸው ከድቷቸው፣ አገሩ ዐምፆባቸው፣ ናፒየር በሩ ላይ ደርሶ ነበር። ይህ ካልተነገረ ፍርደ ገምድል ይሆናል።

---

የፋሲል በር

ጥሩ ነው። አንድ ነገር ብቻ፤ «ብዙ የሚታይ ነገር የለም» ማለትህን አትተወው። የጠበቀውን ያላገኘ እንግዳ ይናደዳል፤ አስቀድመህ ከነገርከው ግን ባዶውን መሬት ራሱን ያየዋል። የማይታየው ለምን እንደማይታይ ማወቅ ነው የመጣበት ነገር።

እና ሁለተኛው አንቀጽ ላይ በመካከሉ ትንሽ ዝም በል። «የአንዲት የወሎ እናት» ካልክ በኋላ ወዲያው ወደ ሸዋው ወጣት አትለፍ።

---

መምህርት ዘደሴ

አንድ ትንሽ ጥንቃቄ። ቀድሞ «መቃብራቸው» ብለህ እንደምታሳይ ከዚህ በፊት ከጎበኙ ሰዎች ሰምቻለሁ። ንጉሡ መጀመሪያ የተቀበሩት እዚያው መድኃኔ ዓለም ነው፤ አጽማቸው ግን በኋላ ወደ ቋራ፣ ወደ ማኅበረ ሥላሴ ገዳም እንደተወሰደ ይነገራል። «እዚህ ተቀብረው ነበር» በል፤ «እዚህ ናቸው» አትበል።

---

ተጓዥ ቤተሰብ

ይህን ሁሉ ለአባቴ አነበብኩላቸው። «በቅሎ ፈልግልኝ» አሉ። የአምባው ልጅ፣ ከፋሲካ በኋላ ቢሆን ይመቻል? ዝናቡስ?

---

የአምባው ልጅ

ይመቻል፤ በቅሎም አለ። ያን ሰሞን ከሰዓት በኋላ ዝናብ ይመጣል፤ ስለዚህ በጠዋት ተነሥተን እንወጣለን። አባትዎ ሲደክማቸው የምናሳርፍበት ቦታ አውቃለሁ።

መምህርት፣ የመቃብሩን አስተካክላለሁ። የወረሂመኖ፣ አንተን ደግሞ አንድ ነገር ልለምንህ። ኢማም አመዴና መኳንንቱ የተጣሉበት ገደል የትኛው እንደሆነ በአካባቢያችን የሚነገረው የተለያየ ነው፤ አንዳንዱ በእስላምጌ በኩል ይላል፣ አንዳንዱ በሌላ በኩል። አያትህ የነገሩህ ካለ ጻፍልኝ። ካልሆነ ቦታውን ሳልጠቁም ታሪኩን ብቻ እናገራለሁ።

---

የወረሂመኖ

አያቴ በሕይወት የሉም፤ ታላቅ እህታቸው ግን አሉ፤ ኩታበር ናቸው። በዚህ ሳምንት እደውልላቸዋለሁ። የሚሉትን እዚሁ እጽፍልሃለሁ።